ለአነስተኛ ክሊኒክ የቀጠሮ ሥርዓት የመሥፈርት ሰነድ አዘገጃጀት

ሕንፃ ከመታነጹ በፊት ፕላን ይነደፋል። የክፍሉ ስፋት፣ የበሩ አቅጣጫ፣ የቆርቆሮው ውፍረት ሳይቀር በጽሑፍ ሰፍሮ ኮሚቴውና ሥራ ተቋራጩ ይፈራረሙበታል። በኮምፒውተር የሚሠራ የቀጠሮ ሥርዓት ሲታዘዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ለክሊኒካችን የቀጠሮ ሶፍትዌር እንዲሠራልን» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባለሙያው በልቡ ያሰበውን ይሠራል፤ ኮሚቴው በልቡ ያሰበውን ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለና ታካሚው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚያጠበው ጽሑፍ የመሥፈርት ሰነድ ይባላል። ሰነዱ ሥርዓቱ በምን ዓይነት የኮምፒውተር ቋንቋ እንደሚጻፍ አይናገርም፤ ያ የባለሙያው ድርሻ ነው። የሚናገረው ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ምን ማድረግ እንዳለበትና እንዴት ባለ ሁኔታ ሊያደርገው እንደሚገባ ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የክሊኒኩ ሠራተኞች ኮምፒውተር ባያውቁም ሊጽፉት ይችላሉ፤ እንዲያውም ያለ እነርሱ ሊጻፍ አይችልም። በዚህ ትምህርት ሰነዱ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው እንዴት እንደሚዘጋጅ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን።

ሁለቱ የመሥፈርት ዓይነቶች

መሥፈርቶች በሁለት ይከፈላሉ። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ፈንክሽናል፣ ሁለተኛውን ነን ፈንክሽናል ይሏቸዋል። ሁለተኛውን «ተግባራዊ ያልሆነ» ብለን ብንተረጉመው በሥራ ላይ የማይውል ነገር ስለሚመስል፣ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን የተግባር መሥፈርት፣ ሁለተኛውን የጠባይ መሥፈርት እንላቸዋለን።

የተግባር መሥፈርት ሥርዓቱ የሚሠራውን ሥራ ይገልጻል፤ ቀጠሮ መመዝገብ፣ ቀን መቀየር፣ የነገ ተቀጣሪዎችን ዝርዝር ማውጣት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የጠባይ መሥፈርት ደግሞ ያ ሥራ ምን ያህል ፈጥኖ፣ ምን ያህል ምስጢር ጠብቆ፣ መብራት ሲጠፋ እንዴት ሆኖ እንደሚሠራ ይገልጻል። ሁለት መዝጋቢዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አንዱ ግን የታካሚውን ምስጢር ይጠብቃል፣ ሌላው በመስኮት ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሥራቸው አንድ ሲሆን ጠባያቸው ይለያያል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው።

አስቀድሞ ማየትና መቁጠር

ለትምህርት እንዲመች አንድ የደብር ክሊኒክ እናስብ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ የምሳሌው ናቸው። ክሊኒኩ አንድ የጤና መኮንን፣ አንድ አዋላጅ ነርስ፣ አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛና አንድ ኮምፒውተር አለው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የሚጥል በሽታ ክትትል የሚያደርጉ 210 ታካሚዎች በመዝገቡ ላይ ይገኛሉ። ቀጠሯቸው በታካሚው የክትትል ደብተር ላይ ብቻ ይጻፋል፤ በክሊኒኩ ዘንድ ማን መቼ እንደሚመጣ የሚያሳይ ዝርዝር የለም።

ሰነዱን መጻፍ የሚጀመረው በካርድ ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በመቁጠር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመጣ ታካሚ ሁሉ አራት ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ይመዘገባሉ፤ የደረሰበት ሰዓት፣ ወደ ምርመራ ክፍል የገባበት ሰዓት፣ በቀጠሮ መምጣት አለመምጣቱ፣ ካርዱ ወዲያው መገኘት አለመገኘቱ። በምሳሌያችን ክሊኒክ ቆጠራው ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ሐሙስ የገበያ ቀን በመሆኑ ለክትትል የሚመጣው ሕዝብ 30 ሲደርስ፣ ማክሰኞ 4 ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ በቀጠሮው ቀን ያልመጣን ታካሚ ማንም አያውቀውም ነበር። የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው ቀርቶ ሳለ፣ መቅረቱ የሚታወቀው ታሞ ተሸክመው ሲያመጡት ነው።

ከዚህ ቆጠራ የሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ይወጣል፤ ችግሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር፦ «የክትትል ታካሚዎች በአንድ ቀን ይከማቻሉ፤ የቀሩትም አይታወቁም።» ከዚህ ቀጥሎ የሚጻፍ እያንዳንዱ መሥፈርት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ሊያቃልል ይገባዋል። የማያቃልል ከሆነ ለምን እንደ ተጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚያው ገጽ ላይ የሥራው ወሰን ይቀመጣል። በምሳሌያችን ሥርዓቱ ቀጠሮ ይይዛል እንጂ የሕክምና ታሪክ አይመዘግብም፣ ክፍያ አይቀበልም፣ የመድኃኒት ክምችት አይቆጣጠርም። ወሰኑ ካልተጻፈ ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ወር «መድኃኒት ቤቱንም ቢያካትት» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ዋጋውና ጊዜውም አብሮ ይሸሻል።

የተግባር መሥፈርቶችን መጻፍ

ጥሩ መሥፈርት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ቁጥር አለው፤ ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ለማለት የሚያስችል ፈተናም ይከተለዋል። «ሥርዓቱ ቀጠሮ ይይዛል» የሚለውን እንመልከት። ማን ይይዘዋል? ለስንት ደቂቃ? ሰዓቱ ሞልቶ ከሆነስ? እነዚህን እየጠየቅን ስንሄድ አንዱ ዓረፍተ ነገር ወደሚከተሉት ይዘረዘራል።

ተ1. የካርድ ክፍል ሠራተኛው በካርድ ቁጥር ወይም በስም ታካሚውን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ተ2. ሥርዓቱ ከተመረጠው ቀን ጀምሮ ክፍት የሆኑትን ሰዓቶች ብቻ ማሳየት አለበት።

ተ3. በአንድ የምርመራ ክፍል በአንድ ሰዓት ከአንድ ታካሚ በላይ መመዝገብ መከልከል አለበት።

ተ4. ቀጠሮ ሲቀየር የቀድሞው ሰዓት ለሌላ ታካሚ ክፍት መሆን አለበት።

ተ5. በየቀኑ ማብቂያ ላይ በቀጠሯቸው ያልመጡትን ታካሚዎች ከስልክ ቁጥራቸውና ከቀበሌያቸው ጋር መዘርዘር አለበት።

ተ6. ክሊኒኩ የማይሠራባቸው ቀኖች በኃላፊው ሲመዘገቡ፣ በእነዚያ ቀኖች ቀጠሮ መስጠት መከልከል አለበት።

ተ5 ለሁለተኛው ችግር መልስ ነው፤ ዝርዝሩ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደርሶ የቀረው ሰው ቤት ድረስ ሊጠየቅ ይችላል። ቀላል ቢመስልም ከሁሉ ይልቅ ሕይወት የሚያተርፈው መሥፈርት እርሱ ነው። ተ6 ደግሞ የበዓላትን ጉዳይ ይይዛል። በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚውሉ በዓላት አንድ ጊዜ ቢመዘገቡ ይበቃል፤ ስቅለትና ፋሲካን የመሳሰሉት ግን ከዓመት ዓመት ስለሚንቀሳቀሱ በባሕረ ሐሳብ ተቆጥረው በየዓመቱ መግባት አለባቸው። በወር በዓል ክሊኒኩ ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ የሚለውን ሶፍትዌር ሠሪው ሊወስን አይችልም። ሰበካ ጉባኤው ከክሊኒኩ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ በሰነዱ ላይ ሊያሰፍረው ይገባል።

ስለ ተ1 አንድ ተጨማሪ ነገር መጻፍ ግድ ነው። በፊደላችን አንድ ድምፅ በተለያየ ፊደል ይጻፋል። አንዱ መዝጋቢ «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ሃይለስላሴ» ብሎ ይፈልገዋል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ስለሚያይ «አልተገኘም» ይላል፤ ሠራተኛውም አዲስ ካርድ ያወጣል። አንድ ታካሚ በሁለት ካርድ ሲከፈል የአንዱ ካርድ ቀጠሮ በሌላው አይታይም። ስለዚህ ከተ1 ሥር እንዲህ ይጨመራል፦ «በስም ፍለጋ ጊዜ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ከነዘራቸው እንደ አንድ መቆጠር አለባቸው፤ በስሙ መካከል ያለ ክፍተትም ፍለጋውን ማሰናከል የለበትም።» ፈተናው ግልጽ ነው፤ በአንዱ አጻጻፍ መዝግቦ በሌላው መፈለግ። ስሙና የአባቱ ስም ከሌላ ሰው ጋር የሚገጥም ታካሚ ብዙ ስለሆነ፣ የፍለጋው ውጤት የአያትን ስም፣ ዕድሜንና ቀበሌን አብሮ እንዲያሳይ መጠየቅም ተገቢ ነው።

«ወር» ስንት ቀን ነው?

የጤና መኮንኑ «ከወር በኋላ ተመለስ» ሲል ታካሚው ብዙውን ጊዜ የቀኑን በዓል ይዞ ይቆጥራል፤ በሚካኤል የመጣ በሚካኤል ይመለሳል፤ ይህም 30 ቀን ነው። 30 ቀን ግን የሳምንቱን ቀን በሁለት ያስኬደዋል። ሐሙስ የመጣው ታካሚ ቀጠሮው ቅዳሜ ይሆናል፤ ቅዳሜ ደግሞ በምሳሌያችን የክትትል ክፍሉ ዝግ ነው። 28 ቀን ከሆነ ግን ሐሙስ የመጣው ሐሙስ ይመለሳል። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ «ወር» የሚለው ቃል አይገባም፤ «28 ቀን» ተብሎ ይጻፋል።

የቀን መቁጠሪያው ራሱም መሥፈርት ያስፈልገዋል። ብዙ ሶፍትዌሮች በውስጣቸው የሚቆጥሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ለእኛ የሚያሳዩት ለውጠው ነው። ስህተቱ የሚከሠተው በጳጉሜን ነው። ጳጉሜን በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ናት። ስለዚህ ለተቀባይነት ፈተናው ሁለት ቀጠሮዎችን እናስቀምጣለን። ነሐሴ 20 ቀን 2018 ዓ.ም ረቡዕ የመጣ ታካሚ በ28 ቀን ሲቀጠር መስከረም 13 ቀን 2019 ዓ.ም ረቡዕ ላይ ሊውል ይገባል። ነሐሴ 20 ቀን 2019 ዓ.ም ሐሙስ የመጣው ግን ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ መስከረም 12 ቀን 2020 ዓ.ም ሐሙስ ላይ ይውላል። ሥርዓቱ ሁለቱንም በትክክል ካላሳየ ርክክብ አይደረግም። ፈተናው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ካልተደረገ ግን ስህተቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ በአዲስ ዓመት ማግሥት፣ ታካሚዎች በተሳሳተ ቀን ሲመጡ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። በኮምፒውተሩ 9፡30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ነው። በማያ ገጹ፣ በታተመው ዝርዝርና በስልክ መልእክቱ ሁሉ የሚታየው የኢትዮጵያ ሰዓት ብቻ እንዲሆን መጻፍ አለበት። በአንዱ ቦታ የውጭው፣ በሌላው የእኛው ቢታይ ለ3፡30 የተቀጠረ ሰው በ9፡30 ይደርሳል፤ ክፍሉም ያን ጊዜ ባዶ ነው።

መሥፈርቱ አቅምን ሲያጋልጥ

ተ3 በአንድ ሰዓት አንድ ታካሚ ይላል። ታዲያ በቀን ስንት ሰው ይቀጠራል? በምሳሌያችን የክትትል ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 ይሠራል፤ ይህ 240 ደቂቃ ነው። ለአንድ ታካሚ 20 ደቂቃ ቢያዝ 12 ቦታ ይገኛል። ከእነዚህ 3 ያለ ቀጠሮ ለሚመጣ ድንገተኛ ሕመምተኛ ክፍት ይተዋሉ፤ ለቀጠሮ የሚቀረው 9 ነው። በሳምንት 45፣ በአራት ሳምንት 180 ቦታ ይሆናል።

በመዝገቡ ያሉት ግን 210 ናቸው። ሁሉም በየ28 ቀኑ ይምጡ ቢባል 30 ሰዎች ቦታ አያገኙም። ይህን ጉድለት የትኛውም ሶፍትዌር ሊሞላው አይችልም፤ ሰነዱ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ገልጦ አሳይቶናል። መፍትሔውን የሚሰጠው የጤና መኮንኑ ነው። ሕመማቸው ተረጋግቶ መድኃኒታቸው ያልተለወጠ 100 ታካሚዎች በየ28 ቀኑ መምጣታቸው ቀርቶ በየ56 ቀኑ እንዲመጡ ቢወስን፣ እነርሱ በአራት ሳምንት የሚይዙት ቦታ 50 ብቻ ይሆናል፤ የቀሩት 110 ሲደመሩ 160። ከ180 ላይ 20 ቦታ ይተርፋል፤ ይህም በሥራ ቀን ለሚውሉ ሁለት በዓላት ይበቃል። ከዚህ ስሌት አዲስ መሥፈርት ይወለዳል፦

ተ7. የጤና መኮንኑ ለእያንዳንዱ ታካሚ 28 ወይም 56 ቀን ብሎ የክትትል ርቀት መወሰን መቻል አለበት።

ይህ መሥፈርት ከቢሮ ተቀምጦ የሚታሰብ አልነበረም፤ ከመቁጠር የተገኘ ነው።

የጠባይ መሥፈርቶችን መጻፍ

በብዙ ሰነዶች ላይ «ሥርዓቱ ፈጣን፣ ቀላልና አስተማማኝ መሆን አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ይህ ምኞት እንጂ መሥፈርት አይደለም። ባለሙያው «ፈጣን ነው» ቢል ኮሚቴው «አይደለም» የሚልበት መለኪያ የለውም። እያንዳንዱ ቅጽል በቁጥርና በሁኔታ መተካት አለበት።

«ፈጣን» የሚለው እንዲህ ይሆናል፦ ጠ1. 10,000 ካርድ ተመዝግቦ ሳለ በክሊኒኩ በራሱ ኮምፒውተር የስም ፍለጋ ውጤት በ3 ሴኮንድ ውስጥ መታየት አለበት። «በክሊኒኩ በራሱ ኮምፒውተር» የሚለው ሐረግ ሊረሳ አይገባም፤ በባለሙያው አዲስ ላፕቶፕ ላይ የሚፈጥን ሥራ በእኛ አሮጌ መሣሪያ ላይ ሊያዘግም ይችላል።

«ቀላል» የሚለው እንዲህ ይሆናል፦ ጠ2. የካርድ ክፍል ሠራተኛው የግማሽ ቀን ሥልጠና ከወሰደ በኋላ ያለማንም እርዳታ በ15 ደቂቃ ውስጥ 10 ቀጠሮ መመዝገብ መቻል አለበት። ፈተናውን የሚወስደው የሠለጠነ ሰው ሳይሆን ነገ በመስኮቱ የሚቀመጠው ሠራተኛ ነው።

«አስተማማኝ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ስለሆነ ሦስት ይከፈላል። ጠ3. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀጠሮ መመዝገብና መፈለግ መቀጠል አለበት። ጠ4. መብራት በድንገት ሲጠፋ ተመዝግቦ የነበረ ቀጠሮ መጥፋት የለበትም። ጠ5. በየሥራው ቀን 11 ሰዓት ላይ የማግሥቱ ዝርዝር በአንድ ገጽ መታተም መቻል አለበት። ጠ4 የሚፈተነው ሃያኛው ቀጠሮ እየተመዘገበ ሳለ ባትሪ የሌለውን ኮምፒውተር ሶኬት በመንቀል ነው፤ ሲበራ ዐሥራ ዘጠኙ ሙሉ በሙሉ ሊገኙ ይገባል። ጠ5 ያለው ክሊኒክ ቀኑን ሙሉ መብራት ባይኖር እንኳ በወረቀቱ ሥራውን ይቀጥላል። የወረቀቱን መንገድ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ሥርዓት ለእኛ ሁኔታ አይስማማም።

ከዚህ ጋር የመጠባበቂያ ቅጂ አለ፦ ጠ6. በየቀኑ የመረጃው ቅጂ በተለየ ማስቀመጫ ላይ መወሰድ አለበት፤ በየሦስት ወሩም ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ በ2 ሰዓት ውስጥ መሥራቱ መታየት አለበት። ብዙዎች ቅጂ መውሰድን ይጽፋሉ፤ መመለሱን መሞከርን ግን ይተዋሉ። ተሞክሮ የማያውቅ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

ምስጢርና የስልክ መልእክት

ሁለቱ የመሥፈርት ዓይነቶች የሚገናኙበት ስፍራ የታካሚው ምስጢር ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የግል መረጃ ነው። በደብር ክሊኒክ ደግሞ መዝጋቢውና ታካሚው ጎረቤት ናቸው፤ ምናልባትም የአንድ ማኅበር አባላት። የሚጥል በሽታ ክትትል ላይ ያለች ልጃገረድ ጉዳይዋ በመንደሩ ቢወራ፣ ከወሬው ይልቅ መድኃኒቱን ልትተው ትችላለች።

ስለዚህ እንዲህ ይጻፋል፦ ጠ7. እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የይለፍ ቃል መግባት አለበት፤ ለካርድ ክፍል ሠራተኛው የሚታየው የታካሚው ማንነት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ክፍሉ ብቻ ሲሆን የሕመሙ ዓይነት መታየት የለበትም። ጠ8. የማን ቀጠሮ በማን እንደ ተከፈተ ከነሰዓቱ መመዝገብ አለበት። የይለፍ ቃሉን ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ጠ8 ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

አሁን «ለታካሚው በስልክ መልእክት አስታውስ» የሚለውን የተግባር መሥፈርት እንጨምር። ወዲያውኑ የጠባይ ጥያቄ ይነሣል፤ ስልኩ የማን ነው? በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ያገለግላል። ስለዚህ መልእክቱ የታካሚውን ስም፣ ሕመሙንም ሆነ የክፍሉን መጠሪያ መያዝ የለበትም። የካርድ ቁጥሩ ግን የማን ቀጠሮ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ይነግረዋል፤ ለሌላው ምንም አይነግርም። በሰነዱ ላይ የመልእክቱ ቃል ራሱ ይሰፍራል፦

«የካርድ ቁጥር 1482፦ ቀጠሮዎ ጥቅምት 14 ቀን ከጠዋቱ 3፡30 ነው። መምጣት ካልቻሉ ይደውሉልን።»

ርዝመቱም የታሰበበት ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት እስከ 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ተቆጥሮ እጥፍ ያስከፍላል። ከላይ ያለው ከነክፍተቱ 62 ነው። ስለዚህ «መልእክቱ ከ70 ፊደል መብለጥ የለበትም» የሚለው ወደ ጠባይ መሥፈርቶች ይገባል። ፈቃዱም አይረሳ፤ መልእክት የሚላከው ታካሚው ሲመዘገብ ተጠይቆ ለተስማማው ብቻ ነው።

ሰነዱን መመርመርና መፈረም

ሁሉም ከተጻፈ በኋላ በእያንዳንዱ መሥፈርት አጠገብ ሦስት ነገሮች ይሰፍራሉ። አንደኛው ደረጃው ነው፤ «የግድ»፣ «የሚገባ» ወይም «ቢኖር መልካም»። በምሳሌያችን ከተ1 እስከ ተ7 እና የጠባይ መሥፈርቶቹ የግድ ሲሆኑ፣ የስልክ መልእክቱ የሚገባ ነው፤ ገንዘቡ ካልበቃ ለሁለተኛው ዙር ይቆያል። ሁለተኛው ከሁለቱ ችግሮች የትኛውን እንደሚያቃልል ነው። ሦስተኛው በርክክብ ቀን የሚደረገው ፈተና ነው።

ከዚያ አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛና አንድ የኮሚቴ አባል አብረው ተቀምጠው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ያነብባሉ። ደካማ መሥፈርት በሚከተሉት ምልክቶች ይታወቃል። በመካከሉ «እና» ካለው ምናልባት ሁለት መሥፈርት ስለሆነ ይከፈላል። «ተገቢ»፣ «ዘመናዊ»፣ «በቂ» የሚሉ ቃላት ካሉበት መለኪያ ይጎድለዋል። «በስተቀኝ አረንጓዴ ቁልፍ ይኑር» የሚል ከሆነ ደግሞ የባለሙያውን ሥራ ወስዷል፤ ከቁልፉ በስተጀርባ ያለውን ፍላጎት መጻፍ ይገባል። ፈተና ሊጻፍለት ያልቻለ መሥፈርትም ገና አላለቀም፤ ወይ ይስተካከላል፣ ወይ ይወጣል።

በመጨረሻ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ የሰበካ ጉባኤው ተወካይና የሶፍትዌሩ ባለሙያ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርማሉ። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ፊርማ ሊታለፍ አይገባም፤ ሥርዓቱን በየቀኑ የሚነካው እርሱ ነው። ከፊርማው በኋላ የሚመጣ ለውጥ በቃል አይነገርም። የመሥፈርቱ ቁጥር፣ የቀድሞው ቃል፣ አዲሱ ቃል፣ ተጨማሪው ዋጋና ቀን በአንድ ወረቀት ይጻፋል፤ እነዚያው ሰዎች ይፈርሙበታል። የመጨረሻው ክፍያም በሰነዱ ላይ ካሉት «የግድ» መሥፈርቶች ፈተና ጋር ይታሰራል፤ ሁሉም ካለፉ ይከፈላል፤ አንዱ ካልተሳካ ቁጥሩ ተጠቅሶ ሥራው ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሰነድ ለአነስተኛ ክሊኒክ ከስድስት ወይም ከሰባት ገጽ አይበልጥም። ሥራው የሚጀመረው ግን ከአንድ ሉክ ወረቀትና ከሁለት ሳምንት ቆጠራ ነው። በመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደሚሆንና ከየትኛው ሰኞ እንደሚጀምር በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ቢወሰን፣ የሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ከወር በፊት ይደርሳል፤ ወሩም 28 ቀን ነው።